ስክሩው ሲታፈን፦ ስለ ፋብሪካ የደኅንነት መመሪያ ተረትና እውነታ

በይጁቤ ዙሪያ የሚበቅለው ስንዴ ዱቄት ፋብሪካ ከገባ በኋላ የሚጓዘው በሰው ትከሻ አይደለም። ኤሌቬተር ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ስክሩ ኮንቬየር ደግሞ ወደ ጎን ያሻግረዋል። ስክሩ ማለት ረዘም ባለ ገንዳ ውስጥ የሚሽከረከር ጠመዝማዛ ብረት ነው። እርጥብ እህል፣ ገለባ ወይም የጆንያ ሲባጎ ሲገባበት ይታፈናል። ያን ጊዜ ኦፕሬተሩ ሽፋኑን ከፍቶ እጁን መስደድ ያምረዋል። ለእጅ ከዚህ የከፋ ቦታ ፋብሪካው ውስጥ ብዙ የለም፤ ጠመዝማዛው በገንዳው ግድግዳ ላይ ጣትን እንደ መቀስ ይቆርጣልና።

ስለዚህ ግድግዳ ላይ መመሪያ ይሰቀላል። መመሪያው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ማንም ሊከተለው አይችልም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማሳየት፣ በእንዲህ ያሉ ቦታዎች የሚጻፈውን ዓይነት አንቀጽ ራሴ ላዘጋጅ።

«ስክሩ ኮንቬየር በእህል ሲታፈን ኦፕሬተሩ ሽፋኑን ከፍቶ የታፈነውን እህል ከማስወገዱ በፊት ማሽኑ መጥፋቱን፣ ብሬከሩ ወርዶ መቆለፉንና ለፈረቃው ፎርማን መነገሩን ማረጋገጥ ያለበት ሲሆን፣ ሥራው ሲጠናቀቅም ሽፋኑ ወደ ቦታው መመለሱና በአካባቢው ሰው አለመኖሩ ተረጋግጦ ማሽኑ እንዲነሣ ይደረጋል፤ ቁልፉም በቆለፈው ሰው እጅ መቆየት ይኖርበታል።»

ተረት፦ «ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ ያላነበበ ራሱ ተጠያቂ ነው»

አንቀጹ ውስጥ መጀመሪያ የሚገኘው ድርጊት የትኛው ነው? «ሽፋኑን ከፍቶ»። በሥራው ላይ ግን መክፈት ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። «ከማስወገዱ በፊት» የሚለው ሐረግ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል፤ አንባቢው ያነበበውን በጭንቅላቱ መልሶ መገልበጥ አለበት። በወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያነብ ይህ ቀላል ነው። ሞተሩ እየጮኸ፣ እህሉ ከኤሌቬተሩ አፍ እየፈሰሰ ለቆመ ሰው ግን አይደለም።

አማርኛ ለዚህ ዓይነት ስሕተት በጣም ይመቻል። «አጥፍቶ፣ አውርዶ፣ ቆልፎ፣ ከፍቶ» እያልን አራት ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሰር እንችላለን፤ ለትረካ ያማረ ነው። ለመመሪያ ሲሆን ግን ከአራቱ አንዱ ቢዘለል አንባቢው አያስተውለውም፤ ዓረፍተ ነገሩ ያለ እሱም ሙሉ ይመስላል።

ሌላው ጉድለት ባለቤት የለሽነት ነው። «ማሽኑ እንዲነሣ ይደረጋል» — በማን? «ለፎርማን መነገሩን» — ማን ነው የሚነግረው? ጸሐፊው ይህን ቋንቋ የሚመርጠው ለወጉ ነው፤ መሥሪያ ቤት ይመስላል። ሠራተኛው ደግሞ ሌላ ሰው ያደርገዋል ብሎ ያልፋል። ከሁሉ የባሰው ቁልፉ በቆለፈው ሰው እጅ ይቆይ የሚለው ነው። የሰውን እጅ የሚያድነው እሱ ሆኖ ሳለ እንደ ተረሳ ነገር መጨረሻ ላይ ተለጠፈ።

ተረት፦ «ሕጉ የሚፈልገው ረጅሙን ጽሑፍ ነው»

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹ ስለ ሥራቸው አደጋ ተገቢውን መመሪያና ማሳሰቢያ እንዲያገኙ ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋል። በረጅም አንቀጽ ይጻፍ አይልም። ረጅሙ ሰነድ ለተቆጣጣሪና ለሥልጠና ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ማንም አይከለክልም። ፓነሉ አጠገብ የሚሰቀለው ግን ሌላ ጽሑፍ መሆን አለበት።

ተረት፦ «ነባር ሠራተኛ መመሪያ አያስፈልገውም»

ይህ እምነት ከወፍጮ ቤት የመጣ ይመስለኛል። በይጁቤ ወፍጮ ቤት ወፍጮውን የሚያስነሣው፣ የሚያቆመውና የሚከፍተው አንድ ሰው ነው። መቆሙን በጆሮው ያውቃል፤ እሱ ካላስነሣው አይነሣም። ቅደም ተከተሉ በጭንቅላቱ ቢቀመጥ ብዙ አይጎዳም። ፋብሪካ ውስጥ ግን የሚከፍተው ሰው ታች፣ ፓነሉ ሌላ ክፍል፣ የሚያስነሣው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ነባሩ ሠራተኛ ማሽኑን ያውቀዋል፤ በዚያች ደቂቃ ፓነሉ ጋ ማን እንደ ቆመ ግን አያውቅም።

ልምድ ደግሞ ደረጃ ያዘልላል። መቶ ጊዜ ሳይቆልፍ ከፍቶ ምንም ያልሆነ ሰው መቆለፍ ትርፍ ነው ብሎ ይደመድማል። የአየር መንገድ መካኒኮችን እንመልከት። ቦይንግ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ብዙ ልምድ ያላቸው ናቸው፤ ግን የሚያነቡት የጥገና መመሪያ በልክ በተቀነሰ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የዚህ አጻጻፍ ደንብ በአውሮፓ የኤሮስፔስ ኢንዱስትሪ ማኅበር የወጣው በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። የሥራ ትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃል አይበልጥም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ትእዛዝ ይይዛል፤ ማስጠንቀቂያ ከድርጊቱ በፊት ይመጣል። ለአማርኛ 20 ቃል በዛ። የእኛ አንድ ቃል («ከሚመግበው») እንግሊዝኛው በሦስት በአራት ቃል የሚለውን ይሸከማል፤ እኔ ከስምንት ባያልፍ እላለሁ።

ተረት፦ «ቁጥር ከተሰጠው ቅደም ተከተል ሆነ»

ያንኑ አንቀጽ ቆራርጦ 1፣ 2፣ 3 ማለት የተለመደ ነው። ከዚያ «4. ቁጥር 6ን ካረጋገጡ በኋላ ሽፋኑን ከፍተው እህሉን ያውጡ» የሚል መስመር ይገኛል። ቁጥሩ አለ፤ ቅደም ተከተሉ የለም። እውነተኛው ፈተና አንድ ነው፦ ሠራተኛው አንዱን መስመር ሳይፈጽም ቀጣዩን ማንበብ ካስፈለገው ጽሑፉ አልተስተካከለም።

የስክሩውን መመሪያ በአጭር ካርድ እንደገና እንጻፈው። በመጀመሪያ ግን ስሞቹን መለየት ያስፈልጋል፤ እኛ ጋ ማሽን የሚያስነሣው፣ በር የሚዘጋውና ኪስ የሚገባው ሁሉም «ቁልፍ» ነው። በካርዱ ላይ ማስነሻ፣ ማቆሚያ፣ ጓጉንቸርና መክፈቻ እንበላቸው፤ ከዚያ ወዲያ አንዱን በሌላው ስም አንጥራው። ትእዛዙን «ያቁሙ» ብንለው ለወንድም ለሴትም ይሆናል።

ስክሩ 2 ሲታፈን (መብራት ባለበት ሰዓት ብቻ)

1. ለፎርማን «ስክሩ 2ን ልከፍት ነው» ይበሉ።
2. ስክሩውን የሚመግበውን ኤሌቬተር ያቁሙ።
3. የስክሩውን ማቆሚያ ይጫኑ።
4. ፓነሉ ላይ የስክሩ 2ን ብሬከር ያውርዱ።
5. ብሬከሩን በራስዎ ጓጉንቸር ይቆልፉ።
6. መክፈቻውን ኪስዎ ይክተቱ።
7. የስክሩውን ማስነሻ ይጫኑ።
ስክሩው ከዞረ ወይም ሞተሩ ድምፅ ካሰማ፦ አይክፈቱ። ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።
8. የስክሩውን ማቆሚያ ይጫኑ።
እጅ አያስገቡ፤ የታፈነ ስክሩ ሲለቀቅ በራሱ ሊዞር ይችላል።
9. ሽፋኑን ይክፈቱ።
10. እህሉን በመጫሪያ ያውጡ።

ካርዱ እዚህ ያበቃል። ማስነሣት ሌላ ካርድ ነው፤ ሁለቱ አንድ ወረቀት ላይ ከሆኑ ዓይን ከ10 ወደ 11 ሲንሸራተት ሰው ሳያይ ያስነሣል። ሁለት ሰው ከሠራ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ጓጉንቸር ይጨምራል፤ አንዱ ጨርሶ ቢፈታ የሌላው እንደ ተቆለፈ ይቆያል።

ከአንቀጹ ጋር ያስተያየ ሰው ካርዱ ላይ የተጨመሩ ሥራዎችን ያገኛል። ኤሌቬተሩን ማቆም አንቀጹ ውስጥ አልነበረም፤ ሳይቆም ስክሩው ቢቆም እህሉ መቆለሉን ይቀጥላል። ቁጥር 7ም አልነበረም። ሰው «ማሽኑን ሊከፍት ሲል ማስነሻ መጫን?» ብሎ ይደነቃል፤ ግን የተሳሳተ ብሬከር መውረዱ ሊታወቅ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ክፍተቶች ረጅሙ አንቀጽ ውስጥ ተሰውረው ነበር። ስለዚህ «ማሳጠር መቀነስ ነው» የሚለውም አምስተኛ ተረት ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲቆም የጎደለው ራሱን ያሳያል።

በቅንፍ ያለችው «መብራት ባለበት ሰዓት» የምትለው ሐረግ ለአገራችን የግድ ናት። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ ሠራተኛውም ይህን ጥሩ አጋጣሚ አድርጎ ይከፍታል። ማስነሻው እየተጫነ የሚነሣ ዓይነት ከሆነ መብራት ሲመለስ ስክሩው ቆሞ ይቆያል። የሚዞር ማብሪያ ከሆነና በ«አብራ» ላይ ከተረሳ ግን ከመብራቱ ጋር ይነሣል። ቁጥር 7ም በጨለማ ዋጋ የለውም፤ ስክሩው ያልዞረው ስለተቆለፈ ይሁን መብራት ስለሌለ አይታወቅም። መብራት ከቁጥር 7 በፊት ከጠፋ እዚያው ቆሞ መጠበቅ ነው።

ቀይ ማቆሚያውስ አይበቃም? አይበቃም። እሱ የሚቆርጠው ትእዛዙን ነው፤ ኃይሉ ፓነሉ ውስጥ እንዳለ አለ። ከሌላ ቦታ ማስነሻ የተጫነ እንደሆነ ስክሩው ይዞራል።

ተረት፦ «አስፈርመናቸዋል፤ ገብቷቸዋል»

ፊርማ ወረቀቱ መድረሱን ያሳያል። ካርዱን መሞከሪያው ሌላ ነው። ስክሩ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ይፈለግ፤ ኤሌክትሪሺያን አስቀድሞ ዋናውን መስመር ዘግቶ ይቆልፍ፤ ከዚያ ካርዱ ለሰውየው ይሰጥና ጸሐፊው ዝም ብሎ ይመልከት። ማንበብ የማይችል ከሆነ ሌላ ሰው አንድ አንድ መስመር ያንብብለት። ጣቱ ወደ ላይኛው መስመር ከተመለሰ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። «የትኛውን?» ካለ ካርዱ ላይ ያለው ስም ማሽኑ ላይ አልተጻፈም፤ ያን ጊዜ የሚስተካከለው ካርዱ ሳይሆን ብሬከሩ ላይ የሚለጠፈው «ስክሩ 2» ነው። ሁለት መስመር አንብቦ አንድ ሥራ ከሠራ አንዱ መስመር ትርፍ ነው፤ አንድ መስመር አንብቦ ሁለት ሥራ ከሠራ መስመሩ ይከፈል።

ሁሉም ጽሑፍ ግን ለእንዲህ ያለ ካርድ አይሆንም። ስክሩው ለምን በየቀኑ እንደሚታፈን ማወቅ ምርመራ ነው፤ እርጥበቱን፣ እህሉ የሚገባበትን ፍጥነት፣ የጠመዝማዛውን መበላት ማገናዘብ ይፈልጋል፤ አንድ ሁለት ሦስት ተብሎ አይታዘዝም። ሥዕልም ያግዛል፤ ግን «ከዞረ አይክፈቱ» የሚለውን ለመሳል የሞከረ ችግሩን ያውቀዋል።

ካርድ የማያድነው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ብዙ የቆዩ ፓነሎች ብሬከራቸው ጓጉንቸር የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም። እንዲህ ባለ ፓነል ላይ «በጓጉንቸር ይቆልፉ» ብሎ መጻፍ ሠራተኛውን ቁጥር 5ን መዝለል ማስተማር ነው፤ ቁጥር 5ን የዘለለ ደግሞ ቁጥር 7ንም ይዘላል። ብሬከር ላይ ተጣብቆ ጓጉንቸር የሚቀበል ማሰሪያ ገበያ ላይ አለ፤ ካርዱ ከመታተሙ በፊት እሱ ይገዛ።