ሁለታችሁም ስለፈቀዳችሁ

ይህን በስብሰባ ላይ አልናገረውም፤ ለእናንተ ግን ሹክ ልበላችሁ። መታወቂያዬ ላይ «የፕሮጀክት አስተባባሪ» ተብሎ ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር ግን አርባ ምንጭ ውስጥ የቀኔ ግማሽ የሚያልቀው ሰውን ከሰው በማገናኘት ነው። ሰዎች የሚያዩት በመጨረሻ የምልከውን ኢሜይል ብቻ ነው፤ እሱም ከጥቂት መስመር አይበልጥም። ዋናው ሥራ ኢሜይሉ ከመጻፉ በፊት አልቋል።

አንዱን ላጫውታችሁ።

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያን ቁልቁል የምታይ የቋጥኝ ላይ መንደር ናት። በየቤቱ አቅራቢያ ዋሻና የድንጋይ ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ ደግሞ የሽኮኮ ቤት ነው። ሽኮኮው ሌይሽማኒያ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ይሸከማል፤ የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮው ወስዳ ሰው ላይ ታራግፈዋለች። በሰሜኑ አገር ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ቁስል የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፊት ላይ ነው፤ የሚበዛውም በልጆች ላይ ነው።

ከሕክምናዎቹ አንዱ ቁስሉን በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። አንድ ጊዜ ነክተውት የሚተዉት አይደለም፤ ልጁ ደጋግሞ መመለስ አለበት። ችግሩ ፈሳሹ እንደ ክኒን ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። ክዳኑን ባትነኩትም በራሱ ጊዜ እየተነነ ያልቃል።

እና አንድ ቀን አንዲት ሲስተር ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ናይትሮጅኑ አለቀብኝ። ልጆቹን ከኦቾሎ ዳገት ወርደው እንዲመጡ ቀጥሬያለሁ። የሚያውቅ ሰው ታውቃለህ?»

ፈሳሽ ናይትሮጅን ሌላ ማን ጋ አለ? ላም የሚያዳቅሉ ሰዎች ጋ። የኮርማ ዘር በቀጭን ቀጭን ቱቦ ተደርጎ የሚቀመጠው እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ አንድ የእንስሳት ሐኪም አውቃለሁ። የአንዱ ዕቃ ለልጅ ጉንጭ፣ የሌላው ለጥጃ፤ ፈሳሹ ግን አንድ።

እዚህ ላይ ነው እጅ የሚፈጥነው። ሁለቱንም አድራሻ አስገብቶ «ተዋወቁ» ብሎ መላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔም ድሮ እንዲያ አደርግ ነበር። አንድ ጊዜማ የቆየ ኢሜይል ላይ ተንጠላጥዬ ሁለት ሰዎችን አስተዋወቅኩ። ከታች ተያይዞ በቀረው የድሮ ልውውጥ ውስጥ ስለ አንደኛው «ቀጠሮ አያከብርም» ብዬ የጻፍኩት የራሴ ቃል ነበር። ሰውየው እስከ ታች ድረስ አነበበው። ከዚያ ወዲህ የማስተዋወቂያ ኢሜይል ሁልጊዜ ከባዶ ገጽ ነው የምጀምረው።

ለሲስተር «ልጠይቅልሽ» አልኳት እንጂ የሰውየውን ስም አልነገርኳትም። ይህ የመጀመሪያው ምስጢር ነው። ስሙን ካወቀች ወዲያ እሳቸው እምቢ ቢሉ እምቢታው ስም ያለው ይሆናል፤ ነገ በአንድ ስብሰባ ሲገናኙም ፊት ለፊት መተያየት ይከብዳል። ስም ካልተነሳ ግን «ለጊዜው አልተመቸም» ብዬ እዘጋዋለሁ፤ ማንም አይቀየምም።

ዶክተሩን የጠየቅኳቸው በስልክ ነው። በጽሑፍ የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ቃሉ ይቀመጣላ። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደቸገራት፣ ጥያቄው የአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ወሬ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸውና «ባይመችዎትም ስምዎን አላነሳሁም» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ላነጋግራት ችግር የለም። ናይትሮጅን እሰጣለሁ ግን አላልኩም፤ ፈሳሹ ዝቅ ካለ ዘሩ ይበላሻል፤ እሱ ደግሞ የገበሬው ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰው «እሺ» ሲል ምኑን እሺ እንዳለ መስማት ያስፈልጋል። እሳቸው የፈቀዱት መነጋገርን ነው። «ዶክተር ሊረዱሽ ተስማምተዋል» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ያላሉትን በስማቸው ቃል መግባቴ ነበር።

የሲስተርም ፈቃድ ቀርቶ ነበር። ጠያቂዋ እሷ ስለሆነች ሁሉን ፈቅዳለች ማለት አይደለም። የትኛውን ስልክ ልስጥ ስላት የሥራዋን እንጂ የግሏን እንዳልሰጥ ነገረችኝ። የአንድ ልጅ ጉንጭ ፎቶም ልካልኝ ነበር፤ ጉዳዩን በደንብ ያስረዳል ብላ። አላያያዝኩትም። እናትየው ፎቶውን የፈቀደችው ለሕክምናው እንጂ ለእኔ ኢሜይል አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህማ የሰው የጤና መረጃ በዋዛ የሚላክ ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የጻፍኩት ይኸው ነው፤ ስሞቹንና ስልኮቹን አውጥቻለሁ።

*ርዕስ፦ ትውውቅ — ስለ ፈሳሽ ናይትሮጅን አቅርቦት (ሲስተር እና ዶክተር)*

*ክቡር ዶክተር፣ ክብርት ሲስተር፦*

*ሁለታችሁንም ለየብቻ ጠይቄ ስለፈቀዳችሁ በዚህ ኢሜይል አስተዋውቃችኋለሁ።*

*ሲስተር ከኦቾሎ የሚመጡ የቆዳ ሌይሽማኒያ ታካሚዎችን በፈሳሽ ናይትሮጅን ያክማሉ፤ አቅርቦቱ እየተቋረጠ ተቸግረዋል። ዶክተር በእንስሳት ማዳቀል ሥራቸው ይህንኑ ፈሳሽ ያስመጣሉ፤ ስለ አመጣጡና አያያዙ ልምድ አላቸው።*

*የተስማማችሁት አንድ ጊዜ በስልክ ለመነጋገር ነው። ከማዳቀያው ክምችት ላይ ስለመስጠት የተገባ ቃል የለም።*

*ሲስተር በዚህ ሳምንት በሥራ ስልካቸው ይደውላሉ፤ ለዶክተር የሚመቻቸው ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚህ በኋላ እኔን በልውውጡ ማስገባት አያስፈልግም።*

ጥቃቅን የሚመስሉ ሦስት ነገሮች አሉበት። ሲስተርን በግል «አንቺ» ነው የምላት፤ ዶክተሩን «እርስዎ»። በአንድ ኢሜይል ላይ እንደዚያ ብጽፍ ገና ሳይተዋወቁ አንዷን ከአንዱ በታች አስቀምጫት ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱንም አንቱ አልኩ። ሁለተኛው፣ ማን ይደውል የሚለው ነው። ይህ ካልተጻፈ ሁለቱም በትሕትና ይጠባበቃሉ፤ በእኛ አገር ትሕትና ደግሞ ወር ሊፈጅ ይችላል። የፈለገው ይደውል፣ የተጠየቀው ሰዓቱን ይምረጥ። ሦስተኛው የመጨረሻዋ መስመር ናት። እኔ መሐል ከቆየሁ ሁለቱም ለእኔ ነው የሚጽፉት፤ ዶክተሩም እምቢ ለማለት እኔን ያፍራሉ።

ከዚያ በኋላ ሳምንታት ምንም አልሰማሁም፤ መጠየቅም የእኔ ድርሻ አልነበረም። አንድ ቀን ላንቴ ላይ ሙዝ ልገዛ ቆሜ ሲስተር ደወለች። «ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ነህ? የናይትሮጅን መኪና ስታልፍ አይተሃታል?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ዶክተሩ ከክምችታቸው አንድ ሊትር አልሰጡም። መኪናዋ የምትመጣበትን ቀንና ሲስተር ዕቃዋን ይዛ ማን ጋ መቆም እንዳለባት ነው የነገሯት። እሷም ፈሳሹ በመጣ ማግስት፣ ተንኖ ሳያልቅ፣ የኦቾሎን ልጆች መቅጠር ጀመረች። «እሰጣለሁ አላልኩም» ያሉት ሰውዬ ቃላቸውን ጠብቀዋል።

«አላየኋትም» አልኳት። ሙዜን ይዤ ግን ትንሽ ቆምኩ፤ ድንገት ብታልፍ ብዬ።