ወደ ላይ የወጣው መስመር ምን ይናገራል? የዘርፎች ንጽጽር ተረትና እውነታ

በአሜሪካ ገበያ የሚነግዱ ብዙ ሰዎች አክሲዮን ከመምረጣቸው በፊት ዘርፎችን ያወዳድራሉ። የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኩባንያዎች በ11 ዘርፎች ተመድበዋል። የትኛው ዘርፍ እንደበረታ ለማየት የዘርፉን ፈንድ ዋጋ ለገበያው ፈንድ ዋጋ ማካፈል ነው፤ ለኢነርጂ XLE/SPY፣ ለመብራት፣ ለጋዝና ለውሃ አቅራቢዎች XLU/SPY ተብሎ ይጻፋል። የሚወጣው መስመር ጥሩ መሪ ነው፤ ያልተናገረውን ካነበብንበት ግን ገንዘብ ያስከፍላል።

ተረት፦ መስመሩ ከወጣ የዘርፉ ዋጋ ወጥቷል።

እውነታው፦ መስመሩ የሚያሳየው ከገበያው መብለጥን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ሁሉንም 100 ብለን እንነሳ። በዓመቱ መጨረሻ ገበያው ወደ 81 ገደማ ወረደ፤ መብራትና ውሃ አቅራቢዎቹ 99 ገደማ ላይ ቀሩ። 99 ለ81 ሲካፈል 1.22 ይሆናል። መስመሩ 22 በመቶ ወጣ፤ ፈንዱን የገዛ ሰው ግን በዋጋው ምንም አላተረፈም። በዚያው ዓመት ኢነርጂ ወደ 159 ገደማ በመድረሱ መስመሩም ዋጋውም አብረው ወጡ። ስለዚህ ከንጽጽሩ ሥር የፈንዱን የራሱን ዋጋ ግራፍ አስቀምጡና ሁለቱም የሚወጡበትን ዘርፍ ፈልጉ።

ተረት፦ ዘርፉ ከበረታ በውስጡ ያለ አክሲዮን ሁሉ በርትቷል።

እውነታው፦ በXLE ውስጥ ትልቅ ኩባንያ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ኤክሶን ሞቢልና ሼቭሮን ሁለቱ ብቻ 40 በመቶ ገደማውን ይይዛሉ። ሁለቱ ከተነሱ የቀሩት ቢተኙም መስመሩ ይወጣል። ይህን ለማጣራት ለኩባንያዎቹ እኩል ድርሻ የሚሰጠውን ፈንድ በRSPG/SPY ተመልከቱ። XLE/SPY እየወጣ ይኼኛው ባለበት ከቆመ፣ ብርታቱ የግዙፎቹ እንጂ የዘርፉ አይደለም። ከዚያ የምታስቡትን አክሲዮን ለXLE አካፍሉ፤ ከዘርፍ ጓደኞቹ መብለጡ የሚታወቀው እዚያ ነው።

ተረት፦ የዓመቱ አሸናፊ በሚቀጥለውም ያሸንፋል።

እውነታው፦ በ2023 ኢነርጂ በዋጋ 5 በመቶ ገደማ ሲወርድ ገበያው 24 በመቶ ገደማ ወጣ። 95 ለ124 ሲካፈል 0.77 ነው፤ መስመሩ ሩቡን ያህል አጣ። በ2022 ክፉኛ የወደቀው የቴክኖሎጂ ዘርፍ ደግሞ ከ50 በመቶ በላይ ተመነደገ። የዓመት ደረጃ ሰንጠረዥ ይህን መዞር የሚነግረን ካለፈ በኋላ ነው። በሳምንታዊ ግራፍ ላይ የመስመሩን የ10 ሳምንት አማካይ ጨምሩበት። መስመሩ ከአማካዩ በታች ወርዶ አማካዩም ቁልቁል ከዞረ፣ በዚያ ዘርፍ አዲስ ግዢ መፈለግ አቁሙ። ዘርፉና ገበያው ጎን ለጎን በሚሄዱበት ወቅት ግን መስመሩ አማካዩን ደጋግሞ ስለሚያቋርጥ ምልክቱ ያታልላል፤ ያኔ መታገሥ ይሻላል።

ንጽጽሩ የ500ውን ኩባንያዎች ፍለጋ ወደ ጥቂት ደርዘን ያጠብልናል። መቼ እንደምንገባና የት ላይ ኪሳራ እንደምንቆርጥ የሚወስነው ግን የአክሲዮኑ የራሱ ዋጋ ነው።