0.1736 ከየት መጣ?

በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የትሪጎኖሜትሪ ሰንጠረዥ አለ። የ10 ዲግሪ ሳይን ስንት ነው ብሎ የሚፈልግ ተማሪ ጣቱን በመስመሩ ላይ እየሳበ 0.1736 የሚለውን ያገኛል። ከዚያ ቁጥሩን ወስዶ ወደ ጥያቄው ይመለሳል። ቁጥሩን መጀመሪያ ያወጣው ሰው ግን ምን ሠራ? ሦስት ማዕዘን ወረቀት ላይ ስሎ በማስመሪያ ለክቶ እንዳልሆነ እርግጥ ነው፤ በማስመሪያ አራት ትክክለኛ አኃዝ ማግኘት ከባድ ነው፣ አሥር አኃዝ ደግሞ ጭራሽ የማይሞከር ነው። በእጃችን ያሉት መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ናቸው። ሳይን ደግሞ ከነዚህ ከአንዱም በቀጥታ አይገኝም።

መፍትሔው በቦታው ሌላ ነገር መተካት ነው። ሳይንን የሚመስል፣ ግን በእነዚህ አራት ስሌቶች ብቻ የሚሠራ ፖሊኖሚያል እንፈልጋለን። ፖሊኖሚያል ማለት x፣ x²፣ x³ እያሉ የሚቀጥሉ ኃይሎች እያንዳንዳቸው በአንድ ቁጥር ተባዝተው የተደመሩበት ነው። ጥያቄው እነዚያን አባዢ ቁጥሮች እንዴት እንምረጣቸው የሚለው ነው።

መልሱን በከፊል ከፊዚክስ ክፍል እናውቀዋለን። አንዲት መኪና አሁን ያለችበትን ቦታ፣ ፍጥነቷንና የፍጥነቷን ለውጥ ካወቅን፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የት እንደምትደርስ መገመት እንችላለን፦ የነበረችበት ቦታ፣ ሲደመር ፍጥነት በጊዜ፣ ሲደመር የፍጥነት ለውጥ በጊዜ ካሬ ለሁለት ተካፍሎ። ይህን ቀመር በቃሉ ያልያዘ ተማሪ የለም። ለሁለት የሚካፈለው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፍጥነት የቦታ የመጀመሪያው ደሪቬቲቭ ነው፤ የፍጥነት ለውጥ ደግሞ ሁለተኛው። ሦስተኛውንና አራተኛውንም እያከልን ብንቀጥል ግምቱ እየጠራ ይሄዳል።

ወደ ሳይን እንመለስና ዜሮ ላይ እንቁም። ዜሮ የተመረጠው ሳይንና ደሪቬቲቮቹ እዚያ ላይ ያለ ምንም ድካም ስለሚታወቁ ነው። የሳይን ደሪቬቲቭ ኮሳይን ነው፤ የኮሳይን ኔጋቲቭ ሳይን፣ የዚያ ኔጋቲቭ ኮሳይን፤ አራተኛው ላይ ተመልሶ ሳይን ይሆናል። ዜሮ ላይ ዋጋቸው በየተራ 0፣ 1፣ 0፣ −1 ነው፤ ከዚያ ይኸው ይደገማል። የምንሠራው ፖሊኖሚያል ዜሮ ላይ እነዚህኑ ዋጋዎች እንዲኖሩት እንፈልጋለን፦ ከፍታው እንዲገጥም፣ ተዳፋቱ እንዲገጥም፣ አጎባበጡ እንዲገጥም፣ እያለ እንዲቀጥል።

ፋክቶሪያል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። x³ን አንድ ጊዜ ደሪቬት ብናደርገው 3x² ይሆናል፤ ሁለተኛ ጊዜ 6x፤ ሦስተኛ ጊዜ 6። ኃይሉ እየወረደ በሄደ ቁጥር 3፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1 እየተባዙ ስለሚከማቹ መጨረሻ ላይ 3×2×1 ይቀራል፤ ይህም 3! ነው። ሦስተኛው ደሪቬቲቭ −1 እንዲሆን ስለፈለግን የx³ አባዢ −1/6 መሆን አለበት። ለ6 መካፈል ያስፈለገው ደሪቬቲቩ ያከማቸውን 6 ለማጥፋት ነው። በመኪናዋ ቀመር ውስጥ ያለው ሁለትም 2! ነው። በአጠቃላይ በአንድ a በተባለ ነጥብ አጠገብ ቀመሩ ይህ ነው፦

f(a) + f′(a)(x−a) + f″(a)(x−a)²/2! + f‴(a)(x−a)³/3! + …

ቀመሩ የሚጠራው በእንግሊዛዊው ብሩክ ቴይለር ስም ነው፤ እሱ በ1715 እ.ኤ.አ. አሳተመው። የሳይን ተከታታይ ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ በደቡብ ሕንድ በኬራላ ይታወቅ ነበር፤ የኬራላ ሊቃውንት ግኝቱን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለኖረው ለማድሃቫ ይሰጣሉ።

አሁን 10 ዲግሪን እናስላ። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ የሳይን ደሪቬቲቭ ኮሳይን የሚሆነው ማዕዘኑ በራዲያን ሲለካ ብቻ ነው። በx ቦታ 10ን ያስገባ ሰው የማይረባ መልስ ያገኛል። 10 ዲግሪ 0.1745329 ራዲያን ነው። የመጀመሪያው አባል ራሱ x ስለሆነ ግምታችን 0.1745329 ነው፤ ከእውነተኛው ትንሽ ይበልጣል። ቀጥሎ x³ን ለ6 አካፍለን 0.0008861 እንቀንሳለን፤ 0.1736468 ይቀራል። የሰንጠረዡ 0.1736 በሁለት አባላት ብቻ ተገኘ። x⁵ን ለ120 አካፍለን 0.00000135 ብንጨምር 0.1736482 ይሆናል፤ እዚህ የጻፍናቸው ሰባት አኃዞች በሙሉ ትክክል ናቸው።

ትክክል መሆናቸውን ያለ ካልኩሌተር እንዴት እናውቃለን? አባላቱ አንዴ ሲደመሩ አንዴ ሲቀነሱ፣ መጠናቸውም እያነሰ ሲሄድ፣ ስሕተቱ ከተውነው ከመጀመሪያው አባል አይበልጥም። ቀጣዩ አባል x⁷ ለ5040 ተካፍሎ ነው፤ ከ0.000000001 እንኳ ያንሳል። እኔ ከዚህ ዘዴ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው፦ ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አብሮ ይነግረናል።

ይህ ሁሉ ግን ከቆምንበት ነጥብ ስንርቅ ይለወጣል። የ1+x ሎጋሪዝም፣ ln(1+x)፣ ዜሮ አጠገብ x − x²/2 + x³/3 − … ሆኖ ይወጣል። ፋክቶሪያሉ ከደሪቬቲቮቹ ጋር ተጣፍቶ ከሥር የቀሩት 2፣ 3፣ 4 ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የኃይሎቹን እድገት ለመግታት አቅም የላቸውም። x 2 ሲሆን ማግኘት ያለብን 1.0986 ነው። ድምሩ ግን ከ2 ተነሥቶ ወደ 0፣ ከዚያ ወደ 2.67፣ ከዚያ ወደ −1.33፣ ከዚያ ወደ 5.07 ይዘላል፤ አባል በጨመርን ቁጥር እየባሰበት ይሄዳል። ምክንያቱም x −1 ላይ ሎጋሪዝሙ ወደ ማይለካ ጥልቀት ይወርዳል። ያ ቦታ ከዜሮ በአንድ ርቀት ላይ ስለሆነ፣ ተከታታዩ በሌላውም አቅጣጫ ከአንድ በላይ አያገለግልም።

ሳይን እንዲህ ያለ ወሰን የለበትም፤ ከሥር ያለው ፋክቶሪያል ዞሮ ዞሮ ማንኛውንም ኃይል ያሸንፋል። ሆኖም ለ30 ራዲያን ሳይን በቀጥታ ብንደምር ሌላ ችግር ይገጥመናል። አባላቱ ከመውረዳቸው በፊት ያድጋሉ፤ ትልቁ ከ770 ቢሊዮን ይበልጣል፤ የመጨረሻው መልስ ግን −0.988 ብቻ ነው። ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ወደ 16 አኃዝ ነው። 12ቱ እነዚያን ግዙፍ ቁጥሮች ለመጻፍ ስለሚያልቁ ከነጥብ በኋላ የሚታመኑት ጥቂት ብቻ ይሆናሉ፤ ስሕተቱም አራተኛው ቦታ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ቀመሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ስሌቱ ይበላሻል።

ስለዚህ ሳይን የሚያሰላ ፕሮግራም መጀመሪያ ማዕዘኑን ያሳንሳል። ከ30 ላይ አምስት ሙሉ ዙር፣ ማለትም 10π ሲቀነስ −1.41593 ይቀራል፤ ሳይኑ አይለወጥም። ይህ ደግሞ ከ−π/2 የሚርቀው በ0.15487 ብቻ ስለሆነ፣ መልሱ የ0.15487 ኮሳይን በኔጋቲቭ ምልክት ነው። የኮሳይን ተከታታይ 1 − x²/2 + x⁴/24 − … ነው፦ ከ1 ላይ 0.0119923 ሲቀነስ፣ 0.0000240 ሲጨመር፣ 0.988032። ቢሊዮኖች ውስጥ ሳንገባ፣ በሦስት አባላት ብቻ፣ የ30 ራዲያን ሳይን −0.988032 ሆኖ ተገኘ።