ፕሮላክቲን ትንሽ ከፍ ሲል፦ ከኤምአርአይ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንዲት የ31 ዓመት ሴት እናስብ። የወር አበባዋ ለሁለት ወር ሲዛባባት ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ የሆርሞን ምርመራ ታዘዘላት። በማግስቱ ከሥራ ሰዓት በፊት ለመጨረስ ብላ ንጋት 12 ሰዓት ከእንቅልፏ ተነሣች፣ ታክሲ ላይ ተጋፍታ ተሳፈረች፣ ቁርስ ሳትቀምስ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ላቦራቶሪ ደረሰች። ደም ሥሯ ቀጭን ነው። በግራ ክንዷ ሁለት ጊዜ ተወግታ አልተገኘም፤ በሦስተኛው ከቀኝ ክንዷ ተቀዳ። ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌ የምትፈራ ሰው ናትና ከክፍሉ የወጣችው እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው። ማታ ውጤቱ ደረሳት፦ ፕሮላክቲን 41፤ ከጎኑ ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ተሠርቶበታል። ለእህቷ ደወለች። እህቷም ከሰው የሰማችውን ነገረቻት፦ «እሱ እኮ ጭንቅላት ውስጥ ዕጢ ሲኖር ነው የሚጨምረው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣት ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ «ዕጢ» የሚለው ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ሁላችንም ከፈጣሪ ይዘናቸው የተወለድናቸው፣ ሆርሞን የሚያመነጩ የአካል ክፍሎች ዕጢ ይባላሉ፤ አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አንዱ ነው። ያለ ቦታው የበቀለ እብጠትም ዕጢ ይባላል። ፕሮላክቲን የሚመነጨው ከአንጎል ሥር ካለችው፣ አተር ከምታህለው የፒቱታሪ ዕጢ ነው። ሐኪም «ከፒቱታሪ ዕጢ የሚመጣ ሆርሞን ነው» ሲል ታካሚው «ፒቱታሪ ላይ ዕጢ አለብህ» ብሎ ሰምቶ ይወጣል። ስለዚህ እዚህ ላይ የተፈጥሮውን አካል «ዕጢ»፣ የበቀለውን ነገር ደግሞ «ዕባጭ» እያልኩ እለያቸዋለሁ።

ፕሮላክቲን ከስሙ ጋር የተያያዘ ዋና ሥራ አለው፦ የወለደች እናት ጡቷ ወተት እንዲያመርት ያደርጋል። ነገር ግን በሁሉም ሰው ደም ውስጥ፣ በወንድም ጭምር፣ በመጠኑ አለ። ከሌሎቹ የፒቱታሪ ሆርሞኖች የሚለየው አንድ ጠባይ አለው፤ ይህን ጠባይ የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳል። ሌሎቹን ሆርሞኖች አንጎል «አምጡ» እያለ ይቀሰቅሳቸዋል። ፕሮላክቲንን ግን አንጎል ሌት ተቀን ፍሬን ይዞበት ነው የሚኖረው። ፍሬኑ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ፍሬኑ በማናቸውም ምክንያት ላላ ካለ ፕሮላክቲን ይጨምራል። ዕባጭ እንዲኖር ግድ አይልም።

አሁን ወደ 41 እንመለስ። በአብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች ላረገዘችና ለምታጠባ ያልሆነ የሴት የላይኛው ወሰን 25 ገደማ፣ የወንድ 20 ገደማ ናኖግራም በሚሊሊትር ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪ በሌላ መለኪያ ስለሚጽፍ ያው ውጤት ሃያ አንድ እጥፍ ገደማ ሆኖ ሊታይ ይችላል። የዚች ሴት 41 በዚያ መለኪያ 870 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ከጓደኛ ውጤት ጋር ከማወዳደር በፊት መለኪያውንና ወረቀቱ ላይ የታተመውን ወሰን ማየት ያስፈልጋል።

ፕሮላክቲን የሚያመነጭ ዕባጭ ሲኖር ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከዕባጩ መጠን ጋር አብሮ ያድጋል። ከ250 በላይ የሆነ ውጤት ወደ ዕባጭ በብርቱ ያመለክታል፤ ትልልቆቹ በሺህ የሚቆጠር ያስመዘግባሉ። ከ25 እስከ 100 ያለው ግን የተጨናነቀ መንደር ነው። ጥቃቅን ዕባጮችም እዚያ ይገኛሉ፤ ግን ጭንቀትም፣ መድኃኒትም፣ እርግዝናም፣ የታይሮይድ ማነስም እዚያው ነው የሚኖሩት። በዚህ መንደር ውስጥ ቁጥሩ ብቻውን የማንን በር እንዳንኳኳ አይናገርም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሰዓቱ ነው። ፕሮላክቲን ስንተኛ ይጨምራል፤ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰውም ወደ ንጋት ነው፤ ከነቃን በኋላ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ከእንቅልፍ በተነሡ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተቀዳ ደም የሌሊቱን ትርፍ ይዞ ሊመጣ ይችላል። እኛ ዘንድ ደግሞ «ምርመራ በማለዳ፣ በባዶ ሆድ» የሚለው ልማድ ከስኳርና ከቅባት ምርመራ ተወስዶ ለሁሉም ሕግ ሆኗል። ለፕሮላክቲን የሚሻለው ከነቁ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቆይቶ፣ ረፋድ ላይ መቀዳት ነው።

ሁለተኛው መርፌው ራሱ ነው። ፍርሃት፣ ሕመም፣ ሩጫ፣ ከባድ ስፖርት፣ ሁሉም ፕሮላክቲንን ለጊዜው ከፍ ያደርጋሉ። በጭንቀት ብቻ የሚመጣው ጭማሪ ግን ልከኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ብዙ አያልፍም። ወሰኑን ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ 150 የመጣበትን ሰው «ጨንቆህ ነው» ብሎ መሸኘት ስሕተት ነው። ደም ውስጥ የገባ ፕሮላክቲን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ግማሽ ሰዓት ጸጥ ብሎ መቀመጥ እንኳ ልዩነት ያመጣል።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። እዚህ ላይ ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነውና። ሐኪሙ ሴትዮዋን መጀመሪያ ቀን «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «የለም» አለች፤ አልዋሸችም። ጨጓራዋ ሲያስቸግራት፣ ሲያቅለሸልሻት፣ ከሰፈር ፋርማሲ እየገዛች ከሁለት ወር በላይ አልፎ አልፎ፣ ሰሞኑን ደግሞ በየቀኑ የወሰደችውን ኪኒን እንደ መድኃኒት አልቆጠረችውም። ኪኒኑ ሜቶክሎፕራማይድ ነበር፤ ብዙ ሰው ፕላሲል ብሎ የሚያውቀው። ይህ መድኃኒት ማቅለሽለሽን የሚያስቆመው ዶፓሚንን በመከልከል ነው። የሚከለክለውም ያንኑ የፕሮላክቲንን ፍሬን ነው። በእሱ ምክንያት ፕሮላክቲን ከ100 በላይ ሊወጣ፣ የወር አበባ ሊዛባ፣ ሳይወልዱ ከጡት ወተት ሊፈስ ይችላል። ለማስታወክ የሚሰጠው ዶምፔሪዶንም እንዲሁ ነው።

የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ በተለይ ሪስፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፤ ሪስፔሪዶን አንዳንዴ ከ200 በላይ ሲያደርስ ይታያል። ለእርጉዝ ሴቶች ደም ግፊት የሚሰጠው ሜቲልዶፓና ሌላው የግፊት መድኃኒት ቬራፓሚልም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ፦ የአእምሮ መድኃኒትን ለፕሮላክቲን ምርመራ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም ከፕሮላክቲኑ የከፋ አደጋ ያመጣል። የሚቆመው ወይም የሚቀየረው መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ሲፈቅድ ብቻ ነው። ፕሮላክቲን የሚያወርዱት ካበርጎሊንና ብሮሞክሪፕቲን ደግሞ ዶፓሚንን ተክተው የሚሠሩ ስለሆኑ ያንን ሕመም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ከጓደኛ ተውሶ የሚዋጥ ነገር አይደሉም።

ሐኪሙ በሁለተኛው ቀጠሮ ጥያቄውን ለወጠው። «መድኃኒት» ማለቱን ትቶ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የዋጥሽውን ሁሉ ንገሪኝ፤ ለራስ ምታት፣ ለሆድ፣ ለእንቅልፍ» አላት። ቦርሳዋን ከፍታ ግማሹ ያለቀ የኪኒን ማሸጊያ አወጣች። ኤምአርአይ አልታዘዘም። የእርግዝና ምርመራ ተሠራላት፤ እርግዝና የለም። የታይሮይድና የኩላሊት ምርመራም ተሠራ፤ ታይሮይድ ሲያንስ አንጎል እሱን ለመቀስቀስ የሚልከው መልእክት ፕሮላክቲንንም አብሮ ይቀሰቅሳል፣ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ፕሮላክቲን ከደም ቶሎ አይወገድም። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ኪኒኑን አቁማ ከሦስት ቀን በላይ ቆይታ እንድትመለስ ነገራት። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ከባድ ስፖርት፣ ግንኙነትና ጡትን መነካካት እንዲቀር፤ በዕለቱ ቀለል ያለ ቁርስ በልታ ረፋድ 4 ሰዓት እንድትደርስ አዘዛት። ያን ቀን መጀመሪያ ደም ሥሯ ላይ ቀጭን ቱቦ ተደረገላት፤ ግማሽ ሰዓት በጸጥታ ከተቀመጠች በኋላ ሳትወጋ ደሙ ከቱቦው ተቀዳ። ውጤቱ 17 ሆነ።

የመጀመሪያው ውጤት ሐሰት አልነበረም፤ በዚያ ጠዋት ደሟ ውስጥ በእርግጥ 41 ነበረ። ከዚያ ውስጥ የኪኒኑ ድርሻ ስንት፣ የመርፌው ስንት፣ የማለዳው ስንት እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ለሕክምናዋም አያስፈልግም። የወር አበባዋ መዛባት ከኪኒኑ ከሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ መስተካከል አለበት፤ ካልተስተካከለ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

ድጋሚው ውጤትም ከፍ ብሎ ቢመጣስ? ያኔ የሚጠየቅ አንድ ምርመራ አለ። በአንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ፕሮላክቲን ከራሱ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ትልቅ ስብስብ ይሆናል፤ ማክሮፕሮላክቲን ይባላል። ከደም ቶሎ ስለማይወጣ ይጠራቀማል፤ መሣሪያው ይቆጥረዋል፤ ሰውነት ግን እምብዛም አይጠቀምበትም። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ምንም ምልክት የሌለበት ሰው ላይ ይህን መጠርጠር ይገባል። ላቦራቶሪው ስብስቡን በኬሚካል አዝቅጦ የቀረውን ይለካል።

«ለምን ቀድመን በኤምአርአይ አንገላገልም?» የሚል ይኖራል። ችግሩ ከገንዘቡ ይልቅ ምስሉ ላይ ነው። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ፒቱታሪያቸው በኤምአርአይ ቢታይ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ላይ ትንሽ ነጥብ ይገኛል፤ ዕድሜ ልኩን ምንም የማይጎዳ ነጥብ። በኪኒን ከፍ ያለ ቁጥርና በአጋጣሚ የተገኘ ነጥብ ሲገናኙ ከሁለት ንጹሐን አንድ በሽታ ይፈጠራል፤ ሰውየው ለዓመታት የማያስፈልገውን መድኃኒት ይውጣል።

መጠበቅ የማይገባበት ጊዜም አለ። ከፍ ካለው ፕሮላክቲን ጋር ዓይን በጎንና በጎን ማየት ካቃተው፣ ያልተለመደና የማይለቅ ራስ ምታት ካለ፣ ወይም ቁጥሩ ከ100 በላይ ሆኖ የሚያስረዳው መድኃኒትም ሆነ እርግዝና ከሌለ፣ ምስሉ ሳይዘገይ መነሣት አለበት። እጅግ ትልቅ ዕባጭ ባለበት ሰው ላይ መሣሪያው በብዛቱ ተጨናንቆ ትንሽ ቁጥር የሚያወጣበት ጊዜም ስላለ፣ የዓይን ምልክት ካለ ልከኛ ቁጥር አያዘናጋ።

ለፕሮላክቲን ምርመራ የምትሄዱ ሁሉ፣ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ከእንቅልፍ የተነሣችሁበትን ሰዓት፣ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደተወጋችሁና በሁለት ሳምንት ውስጥ የዋጣችሁትን ኪኒን ሁሉ ጽፋችሁ ከውጤቱ ጋር ለሐኪሙ ስጡት።