ዲፓርትመንት ከመሙላታችሁ በፊት፦ መቶ የሽንኩርት ዘርና አንድ ግድግዳ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካለቀ በኋላ እስከ ዩኒቨርሲቲ ጥሪ ድረስ ወራት ያልፋሉ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲስ ገቢ ተማሪ መጀመሪያ የፍሬሽማን ትምህርቶችን ይወስዳል፤ ዲፓርትመንት የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ጊዜው እያለ ብዙዎች ቅጹን የሚሞሉት የሙያውን ስም ብቻ አውቀው ነው። ባለሙያው በተራ የሥራ ቀን ምን እየሠራ እንደሚውል ግን ስሙ አይናገርም። ይህን ለማወቅ ከዕለቱ ሥራ አንዷን ቁራሽ ወስዶ ራስ መሥራት ያስፈልጋል።

በዕፅዋት ሳይንስና በሲቪል ምህንድስና መካከል የምታመነታ አንዲት የአዳማ ተፈታኝ እናስብ። ሁለቱም በአካባቢዋ ያሉ ሥራዎች ናቸው። ከመቂ እስከ ባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል፤ በአዳማ አጠገብ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በከተማዋ ውስጥም ብሎኬት የሚደረደርበት ሰፈር አይጠፋም።

ለመጀመሪያው ሙከራ የሽንኩርት ዘር ይበቃታል። የሽንኩርት ዘር ቶሎ የመብቀል አቅሙን ስለሚያጣ ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ምን ያህሉ እንደሚበቅል ማወቅ አለበት። መቶ ዘር ቆጥራ ሃያ አምስት ሃያ አምስት አድርጋ በአራት እርጥብ ጨርቅ ላይ ትዘረጋለች፤ ሸፍና ፀሐይ በማይመታው ቦታ ታስቀምጣለች። ጨርቁ እንዲረጥብ እንጂ ውኃ እንዲያቁር አትተውም። በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጤናማ ሥርና ቡቃያ ያወጡትን ትቆጥራለች። የሱቅ ዘር በመድኃኒት የታሸ ሊሆን ስለሚችል እጇን ትታጠባለች፤ የወጥ ቤት ዕቃም አትጠቀምም።

ቆጠራው 22፣ 21፣ 9 እና 23 ሆነ እንበል። በድምሩ ከመቶው ዘር ሰባ አምስቱ በቅሏል። ለእሷ የሚጠቅመው መረጃ ግን ዘጠኟ ላይ ያለው ነው። አንዱ ጨርቅ ለምን አነሰ? ውኃ በዝቶበት ነው? ሻግቷል? ማንም ሳያዛት ያንን ጨርቅ ብቻ እንደገና ለመሥራት ከተነሳች፣ ይህ ሙያ የሚጠይቀው ትዕግሥት አላት ማለት ነው። «ሰባ አምስት በቅሏል» ብላ ከተወችው ይህም መልስ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ሜትርና ወረቀት ይፈልጋል። የቤታቸውን አንድ ግድግዳ ትለካለች፦ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር፤ 12 ካሬ ሜትር ማለት ነው። 0.90 በ2.10 የሆነው በር ሲቀነስ 10.11 ካሬ ይቀራል። የብሎኬት ፊት 40 በ20 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ለአንድ ካሬ 12.5 ይገባል፤ ስለዚህ 127 ብሎኬት ያስፈልጋል። አሁን ስሌቱን ይዛ ወደ ሰፈሩ ግንባታ ሄዳ ፎርማኑን «እርስዎ ለዚህ ግድግዳ ስንት ያዛሉ?» ብላ ትጠይቃለች። የእሱ ቁጥር ከእሷ ይለያል፤ በብሎኬቶች መካከል ያለው ሲሚንቶ ቁጥሩን ይቀንሳል፣ የሚሰበረውና ጠርዝ ላይ የሚቆረጠው ይጨምራል። ልዩነቱን ለማስታረቅ ቤቷ ተመልሳ ስሌቱን ብትደግም የምህንድስና ቢሮን ተራ ቀን ቀምሳለች።

ሙከራው እንዳያታልላት ሁለት ነገር ትጠብቃለች። አንደኛው፣ ከመጀመሯ በፊት የትኛው ክፍል እንደሚስባትና የትኛው እንደሚሰለቻት በደብተር ትጽፋለች። ሲያልቅ ከሆነው ጋር ታስተያያለች፤ ካልተጻፈ አእምሮ ግምቱን በኋላ ከውጤቱ ጋር ያመሳስለዋል። ሁለተኛው፣ ቦታውን ከሥራው ትለያለች። ፎርማኑ ቢቆጣት የጠላችው ሰውየውን ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሌላ ግንባታ ቦታ ሄዳ ያንኑ ጥያቄ ትደግማለች። በሁለቱም ቦታ ስሌቱ ራሱ ካሰለቻት ፍርዱ የሥራው ነው።

ይህ መንገድ ሁሉን አይመልስም። ሕክምናን በቤት መሞከር አይቻልም፤ የታመመ ዘመድ ማስታመም ከሙያው የሚያሳየው ጥቂቱን ብቻ ነው። ሙከራው የሥራ ገበያውንም አይነግርም። የዲፓርትመንት ምደባም በውጤት ስለሚወሰን የመጀመሪያ ምርጫ ላይደርስ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ሙያ ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት መፈተሽ ይገባል።

ሱቅ፣ ጋራዥ፣ እርሻ ወይም ግንባታ ያላችሁ የአዳማ፣ የሞጆና የመቂ ሰዎች፣ ደብተር ይዞ ጥያቄ የሚያመጣ ተፈታኝ ሲመጣባችሁ ግማሽ ሰዓት ስጡት። እናንተ ተፈታኞችም ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ሥራ በእጃችሁ ሞክሩ።