ሞተር ከመነሻ ፍጥነቱ በላይ ሲዞር የማዞር ጉልበቱ ስለምን ይቀንሳል?

በሐዋሳ ከተማ፥ በታቦር ክፍለ ከተማ ያለ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ለሞተሩ ድራይቭ ቢያስገባ፥ ቀድሞ የሚመጣለት ሐሳብ ፍሪኩዌንሲውን ከ50 ወደ 75 ሄርዝ ከፍ አድርጎ በአንድ ሰዓት ብዙ እህል መፍጨት ነው። ሐሳቡ እስከ ምን ድረስ እንደሚያዛልቅ ለማየት አንድ ሞተር በምሳሌነት እንውሰድ፤ ይኸውም በሰሌዳው ላይ 7.5 ኪሎዋት፥ 380 ቮልት፥ 50 ሄርዝ፥ በደቂቃ 1,450 ዙር፥ 15.5 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት ነው። ከኃይሉና ከፍጥነቱ ስናሰላው የማዞር ጉልበቱ 49 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል።

በስታተሩ ውስጥ የሚፈጠረው የማግኔት ፍሰት በቮልቴጁ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ፍሪኩዌንሲው ሲያንስ እያንዳንዱ ሞገድ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ያው ቮልቴጅ ፍሰቱን ለማሳደግ ሰፊ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ፍሰቱን የሚወስነው ቮልቴጁ ለፍሪኩዌንሲው ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ በእኛ ሞተር 380 ለ50 ሲካፈል 7.6 ይሆናል። ፍጥነቱን በግማሽ ለመቀነስ 25 ሄርዝ ሰጥተን ቮልቴጁን በ380 ብንተወው ብረቱ እጥፍ ፍሰት ሊሸከም ስለማይችል ይጠግባል፤ ጅረቱም ከልክ አልፎ ጥቅሉን ያቃጥላል። ድራይቩ ግን ቮልቴጁን ወደ 190 ዝቅ ስለሚያደርግ 7.6 እንደ ተጠበቀ ይኖራል፤ ሞተሩም ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ይዞራል። (እጅግ ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሽቦው መቋቋም ከቮልቴጁ ስለሚቀማ ድራይቩ ጥቂት ይጨምርለታል፤ ይህ ግን ሌላ ነገር ነው።)

ከ50 ሄርዝ በላይ ስንወጣ ይህ ሥርዓት ይቋረጣል። በ75 ሄርዝ 7.6ን ለመጠበቅ 570 ቮልት ያስፈልግ ነበር፤ ድራይቩ ግን ከመስመር የተቀበለውን ቀጥተኛ ጅረት አድርጎ መልሶ የሚቆራርጥ መሣሪያ እንጂ ትራንስፎርመር ስላይደለ ከ380 በላይ ሊሰጥ አይችልም። እንግዲህ 380 ለ75 ሲካፈል 5.07 ይሆናል፤ ፍሰቱም ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል ማለት ነው።

የማዞር ጉልበት የሚገኘው ከፍሰቱና ከሮተሩ ጅረት ብዜት ነው። ጅረቱን ሙቀት ስለሚወስነው እንደ ልብ አንጨምረውም፤ ስለዚህ ፍሰቱ በቀነሰ መጠን ጉልበቱም ይቀንሳል፤ 49 የነበረው 33 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ሁለት ሦስተኛ ስለሚሆን፥ የሞተሩ ኃይል ያው 7.5 ኪሎዋት እንደ ሆነ ይቀራል። ሞተሩ ሳይቆም ለአፍታ የሚሸከመው ከፍተኛ ጉልበት ደግሞ የበለጠ ይጎዳል፤ በፍሰቱ ካሬ ስለሚወርድ 123 የነበረው ወደ 55 ይቀንሳል።

አሁን ወደ ወፍጮው እንመለስ። እህል እየገባበት 45 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል እንበል። በ50 ሄርዝ ሞተሩ ያለ ችግር ይሠራል። በ75 ሄርዝ ያንኑ ጉልበት ቢጠየቅ 10 ኪሎዋት አልፎ መስጠት ሊኖርበት ነው፤ ጅረቱም ከተመደበው በሲሶ ገደማ ይበልጣል። ብዙዎቹ ድራይቮች እንዲህ ያለውን ጭነት ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ይታገሣሉ፤ ከዚያ ወይ ያጠፉታል ወይ ራሳቸው ፍሪኩዌንሲውን ይቀንሳሉ። ምልክቱም ይኸው ነው፤ ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ሰሌዳው 75 ያሳያል፥ እህል ሲገባ ጅረቱ ከ15.5 ያልፋል፥ ቁጥሩም ወደ ታች ይንሸራተታል። ብዙ ሰዎች በዚህ ጊዜ ድራይቩ ተበላሸ ይላሉ፤ ድራይቩ ግን ሞተሩን እየጠበቀ ነው።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ምሽት ላይ መብራት ደክሞ የመስመሩ ቮልቴጅ 340 ቢሆን፥ 340 ለ7.6 ሲካፈል 45 ሄርዝ ያህል ይወጣል። ጉልበቱ መቀነስ የሚጀምረው እንግዲህ በሰሌዳው ከተጻፈው 50 ሄርዝ ሳይሆን ከ45 ነው፤ ቀን የሠራ ወፍጮ ማታ የሚደክመውም በዚህ ሊሆን ይችላል።

ፑሊ መለወጥም አይረዳም፤ ወፍጮው የሚጠይቀው ኃይል ያው ነውና። ነገር ግን የሞተሩ ሰሌዳ 220/380 የሚል ከሆነ አንድ መንገድ አለ። ጥቅሉን ከስታር ወደ ዴልታ ለውጠን ድራይቩን ለ220 ቮልትና ለ50 ሄርዝ ብናስተካክለው፥ በ75 ሄርዝ የሚያስፈልገው 330 ቮልት ብቻ ስለሚሆን ፍሰቱ ሙሉ ሆኖ ይቆያል፤ ሞተሩም 49 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ዋጋው በጅረት ይከፈላል፤ 15.5 የነበረው 27 አምፔር ይሆናል። ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፥ ከ1,000 ሜትር በላይ ለያንዳንዱ 100 ሜትር ከድራይቩ አቅም አንድ በመቶ ያህል ስለሚቀነስ፥ የሚገዛው ድራይቭ ከ29 አምፔር ማነስ የለበትም።