የሥራ ምዘናን በጽሑፍ ስለ መቃወም

አንድ የመጋዘን ሠራተኛ 12 ካርቶን ሳሙና ጎድሏል ተብሎ በዓመቱ ምዘና ለንብረት አጠባበቅ ከ5 ነጥብ 2 ተሰጠው እንበል። ሠራተኛው በቅጹ ላይ ሲፈርም «ደርሶኛል፤ በንብረት አጠባበቅ ነጥብ ግን አልስማማም» ብሎ ቢጽፍ፣ ፊርማው የስምምነት ምልክት ሆኖ አይታይበትም። ቀጥሎ በሚያቀርበው ደብዳቤ ስለ አለቃው ጠባይ አንዳች አያነሣም። ጉድለቱ ዕቃው ከመኪና ሲወርድ የታየ መሆኑንና ሾፌሩም የፈረመበት መሆኑን፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን ቁጥርና ቀን ጠቅሶ ያስረዳል፤ ግልባጩንም ያያይዛል። የሰዓት አክባሪነት ነጥቡ ትክክል ከሆነ መቀበሉን ይገልጻል፤ ይህም የቀረውን ተቃውሞ ያጸናለታል። በመጨረሻም ነጥቡ እንዲታረም፣ ካልታረመም ደብዳቤው ከምዘናው ጋር በግል ማኅደሩ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ጉድለቱ በርክክቡ ዕለት በደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ ግን፣ ደብዳቤው ያለ ማስረጃ ይቀራል።